ሰማያዊው ባሌ

ባሌ ባዘዘው ሰውን በወባ ክኒን ቀለም የሚለካ ሰው ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ። ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ እየወረደ ማሽላ ማረስ ከጀመረ ወዲህ ያመጣው አመል ነው። እኛ ደጋው ላይ ወባን እምብዛም ስለማናውቃት፣ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ነው የሚመለሰው። የኔው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ሰንበቴ ላይ ጠላው አንድ ሁለት ዙር ሲል ትምህርቱን ይጀምራል።

«ቢጫዋ የሕፃን ናት፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው፣ በየጊዜው አንዳንድ ፍሬ። ሰማያዊዋ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ላለ ልጅ፣ ሁለት ሁለት። ቡናማዋ ከስምንት እስከ አሥር፣ ሦስት ሦስት። አረንጓዴዋ…» ይልና ደረቱን ነፋ ያደርጋል። «አረንጓዴዋ የሙሉ ሰው ናት። አራት አራት ነው የምትዋጠው።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? አያቆምም። ጎረቤታችን የሺዋስ አጥራችን ሲታጠር ለገም ቢል፣ «ተዉት፣ እሱ ገና ቡናማ ነው» ብሎ በሰው ፊት አሳቀበት። አንዱ ሽማግሌ ፍርድ ላይ ቢወላውል፣ «ይህንን ሰማያዊ ማን ሽማግሌ አደረገው?» ብሎ አስቀየመው። እሱ ራሱ ግን ምንጊዜም አረንጓዴ ነው። ኩራት ራቱ ነው ሰውዬው።

ሌላው ኩራቱ ጽጌ ነው። የጽጌ ጾም እንደምታውቁት የፈቃድ ነው፤ የቻለ ይጾማል፣ ያልቻለ ማንም አይጠይቀውም። ባዘዘው ግን ይጾማል ብቻ ሳይሆን ያጠብቀዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም። ከዘጠኝ በኋላም ዘይት የነካው ወጥ አይበላም፤ ቆሎና ደረቅ እንጀራ በበርበሬ ነው ምግቡ። ካገባኝ ጀምሮ አንድ ቀን አፍርሶ አያውቅም። ይህንን ደግሞ ማኅበርተኛው በሙሉ ያውቃል፤ እሱ ነዋ የሚነግራቸው።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት፣ ጽጌው መሃል ላይ፣ ማሽላውን ከዝንጀሮ ሊጠብቅ በረሃ ወርዶ ሰነበተ። ሲመለስ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነበር። ጋቢ በጋቢ ላይ ብደርብለት ብርዱ አልለቅ አለው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሰውነቱ እሳት ሆነና ጋቢውን ሁሉ ገፍትሮ ጣለው። ታናሽ ወንድሜ መሳፍንት ልክ እንዲህ አድርጎት ነው የሞተው። ባሌን ብሰድበውም ብቦጭቀውም የልጆቼ አባት ነው፤ ያለ እሱ ያቺን ቤት ላስባት አልችልም። ልቅበረው አልፈልግም ነበር፣ በቃ። የሚቀጥለውን ሁሉ ያደረግሁት ለዚህ ነው።

ጠዋት ደግፌ ጤና ኬላ ወሰድኩት። የጤና ኤክስቴንሽኗ ትሕትና ጣቱን ወጋ አድርጋ ደሙን መመርመሪያዋ ላይ ጠብ አደረገችና ጥቂት ጠበቀች። መስመሩ ወጣ።

«አያ ባዘዘው፣ ወባ ነው። ክፉው ዓይነት፣ ፋልሲፓረም የሚባለው» አለችው። «አሁኑኑ መጀመር አለብዎ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አረንጓዴውን አምጪዋ» አለ። ትኩሳት ላይ ሆኖም ያዛል።

ትሕትና መደርደሪያዋን አየት አደረገች። «አረንጓዴው አልቋል። ዘንድሮ ከበረሃ የመጣው ሰው ብዛት ጨረሰው። ሰማያዊ ሁለት እሰጥዎታለሁ።»

«ሰማያዊ?» አለ። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ትሕትና ግን ልጅ ናት፣ የባሌን አመል የት ታውቃለች? ሁለቱን እሽግ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታስረዳው ጀመር።

«ክኒኑ አንድ ነው፤ ይኸው ጀርባው ላይ የተጻፈውም ኃይሉ አንድ ነው። የሚለየው የፍሬው ቁጥር ነው። የአረንጓዴው ሃያ አራት ፍሬ ነው። የሰማያዊው አሥራ ሁለት፣ ሁለቱ ሲደመሩ ያው ሃያ አራት። ከዚህኛው ሁለት፣ ከዚያኛው ሁለት፣ ባንድ ጊዜ አራት ይውጣሉ። ፀሐይ የተሳለበት የጠዋት፣ ጨረቃ የተሳለበት የማታ ነው። ሁለተኛውን ብቻ ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይተው፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ቀን። ቢሻልዎትም እንዳያቋርጡ። ደግሞ ባዶ ሆድ አይሆንም፤ ቅባት ያለው ነገር ይፈልጋል። ወተት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከጾሙም ዘይት ያለው ወጥ። ያለ ቅባት መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም።»

ወባው ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ከመጀመሪያው ጋር አንዴ ብቻ የምትዋጥ ሌላ አንዲት ክኒንም በወረቀት ጠቅልላ ጨመረችልን። የሰማያዊው ካርቶን ላይ አንድ ልጅ ተስሏል። ባዘዘው ልጁን አፍጥጦ ያየዋል፣ ልጁም ያፈጥጥበታል።

ከኋላችን አግዳሚው ላይ ማን ተቀምጦ ቢሆን ጥሩ ነው? የሺዋስ! ሚስቱን ሊያስመረምር መጥቶ ወረፋ ይጠብቃል።

«አይ አያ ባዘዘው፣ እግዜር ይማርህ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እንኳ ቡናማ ነኝ። ለካ እበልጥህ ኖሯል።»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ስቄያለሁ እኔም፤ ምን ላድርግ? ትሕትና ውሃ ቀድታ «አሁን እዚሁ ይውሰዱ» ብትለው፣ «ጾም ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃም አልቀምስ» ብሎ እሽጎቹን ኪሱ ከተተና ተነሣ። ብትለምነው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች።

ቤት ስንደርስ ሁለቱን ሰማያዊ መደቡ ላይ ወረወራቸውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ።

«በል እንግዲህ፣ ተነሥ» አልኩት።

«የልጅ መድኃኒት አልውጥም።»

«አራት አድርገህ ስትውጠው የሙሉ ሰው ነው አለችህ እኮ።»

«እሷ ሌላው ሲያልቅባት ያለችው ነው። እኔ ቀለሙን አውቀዋለሁ። ሰማያዊ ሰማያዊ ነው። ሂጂና ቢተውን ጥሪልኝ። እሱ አረንጓዴ አለው፤ አምና አሳይቶኛል።»

ቢተው በረሃ አብሮት የሚያርስ ጓደኛው ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ የሰጡትን የማይጥል። ጠራሁት። ካርቶኑን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ታቦት የያዘ ያህል ተጠንቅቆ መጣ። እውነትም አረንጓዴ ነው። ላዩ ላይ የሙሉ ሰው ሥዕል አለ። ባዘዘው ከመኝታው ቀና ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ፊቱ በራ እላችኋለሁ።

«አየሽ?» አለኝ። «ይህ ነው መድኃኒት ማለት።»

እኔ ግን ካርቶኑን ከቢተው እጅ ቀደም ብዬ ተቀበልኩ። አረንጓዴ ሙሉ ካርቶን ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ይህ ቀለለኝ። ከፍቼ ውስጡን አወጣሁት። አሥር ፍሬ፣ አምስት አምስት ሆኖ በሁለት ረድፍ የተሰለፈ። እንዲሁ የተደረደረ፣ ሥዕል የሌለበት ብርማ ወረቀት።

«ፀሐይና ጨረቃው የታል?» አልኩ።

«ምን?» አለ ቢተው።

«የጠዋቱና የማታው ሥዕል ነዋ። አረንጓዴ ሲሆን ፍሬው አራት አራት ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ ክፍል ፀሐይ፣ አንዱ ጨረቃ፣ ሦስት ቀን የሚሆን። ይህ አምስት አምስት ነው። ካርቶኑ የዚያ ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው።»

ቢተው አገላብጦ አየና ራሱን ያዘ። «እንዴ! ይህማ ክሎሮኪን ነው። አምና ሌላውን ዓይነት ወባ ስታመም የሰጡኝ ነው። አረንጓዴውን እኔ ጨርሼዋለሁ፤ ሚስቴ ካርቶኑ ጠንካራ ነው ብላ የተረፈውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ትከተዋለች።»

አረንጓዴ ካርቶን ውስጥ ክሎሮኪን! ያንን ፋልሲፓረም ላለበት ሰው መስጠት ውሃ እንደ መስጠት ነው፤ ትሕትና ስንት ጊዜ ስብሰባ ላይ ነግራናለች። ባሌ ቀለም ብቻ አይቶ ሊውጠው ነበር። እኔ አደራደሩን የማውቀው አዋቂ ሆኜ አይደለም። መሳፍንት ሲሞት ቤቱን ስንጠርግ ጣራው ሥር ተሰግስጎ ያገኘሁት እሽግ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ ነው። አረንጓዴ ነው። ትኩሳቱ ሲለቀው «የቀረው ለከርሞ ይሆነኛል» ብሎ ደበቀው፤ ወር ሳይሞላ ወባዋ ተመልሳ ወሰደችው። ፀሐይና ጨረቃዋን እስክጠግብ አይቻቸዋለሁ፤ የቀሩት ፍሬዎች ገና ሳይፈነቀሉ። አሁንም አውጥቼ ከቢተው እሽግ ጎን አስቀመጥኩና አነጻጸርኳቸው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ወስደህ ለትሕትና መልሰው» አልኩት ቢተውን። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ባዘዘው ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ኑግ ልጥልጥ አድርጌ፣ «ይህ እንኳ ጾም ነው፣ ቅባትም አለው፣ በዚህ ዋጠው» ብዬ አቀረብኩለት። ሽታው ገና ሲደርሰው አቅለሸለሸው። ሆዱ ደረቅ ነገር ቀርቶ ወፈር ያለ ፈሳሽም አይቀበልም። ላማችን ወልዳ ወተቱ ማጀት ሞልቷል፣ ጌታዬ ግን ዘወር ብሎም አያየውም። ላም አለኝ በሰማይ ይላሉ፤ የኛዋ በምድር ሆና እንኳ አልተጠቀምንባትም።

እንግዲህ ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔ ግን መከራውን ልጠብቅለት አልቻልኩም፤ መከራው አብሮኝ ነው የሚኖር። ነጠላዬን አጣፋሁና ወደ ነፍስ አባታችን ወደ ቄስ ይታያል ገሠገሥኩ።

ቄስ ይታያል ሰውነታቸው ትንሽ፣ ነገራቸው ትልቅ ነው። ሁሉንም አጫወትኳቸው፤ ሰማያዊውን፣ አረንጓዴውን፣ ወተቱን። እኔ ያሰብኩትን ተንኮልም ነገርኳቸው። ጢማቸውን እየዳሰሱ ሰሙኝ።

«ይሁን እንጂ፣ የንስሐ ልጄን ማታለል ነው እኮ ይህ» አሉ።

«አባ፣ ማታለል አይደለም። የራሱን ቃል ነው የምንመልስለት።»

«እንዲያ ከሆነማ» አሉና መስቀላቸውን አነሡ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤት ደረስን። ባዘዘው ቄሱን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ፣ አስተኙት። መስቀሉን አሳለሙት። ከዚያ የሚገባውን መጀመሪያ ተናገሩ።

«ልጄ፣ የታመመ ጹም አልተባለም። ጽጌ ደግሞ የፈቃድ ነው። ፈትቼሃለሁ፤ ወተቱን ጠጣ፣ መድኃኒትህንም ውሰድ።»

«አባቴ፣ እርስዎ ቢፈቱኝ ማኅበሩ አይፈታኝም። ባዘዘው በወባ ጽጌን አፈረሰ ሊባል ነው? ሙሉ ሰው ሆኜ?»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱን ሰማያዊ እሽግ ከመደቡ ላይ አነሡና ወደ መብራቱ አስጠጉ።

«እኔ እንኳ ይህንን አላውቅበትም። አንተ ታውቃለህ ሲሉ እሰማለሁ። ቀለሙ ምንድን ነው?»

ሰውዬው ትኩሳቱን ረሳው። ተጠየቀ እኮ! «ሰማያዊ ነው፣ አባቴ።»

«ሰማያዊ የማን ነው?»

«የልጅ ነው። ይኸው ልጁ ተስሏል።»

«የስንት ዓመት ልጅ?»

«ከሦስት እስከ ሰባት።»

«አንዳንድ ሰው፣ ሙሉ ሰው ሁለት እሽግ ሲወስደው የሙሉ ሰው ነው ይላል።»

«ውሸት ነው። ሰማያዊ ሰማያዊ ነው፤ የያዘው ሁሉ ልጅ ነው» አለ ባሌ፣ ጣቱን ቀስሮ።

እኔ ሳቄን ለመያዝ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ቄስ ይታያል ግን አልሳቁም።

«ቤተ ክርስቲያን ጾም የምትጠይቀው ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው?»

«ከሰባት…» አለና ቆመ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ባሌ አፉን ከፍቶ እኔንና ቄሱን አፈራርቆ አየን።

«እንግዲህ ይህንን ከትሕትና ተቀብለህ የያዝከው አንተ ነህ» አሉት ቄሱ። «የያዘው ልጅ ነው ያልከውም አንተ ነህ። እስክትጨርሰው ልጅ ነህ፤ ልጅ አይጾምም። ወይም ደግሞ ልጅ አይደለሁም በል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ የሙሉ ሰው ነው፣ አራቱን አሁን ትውጣለህ፤ የእኔንም ቃል እንደ ሙሉ ሰው ሰምተህ ወተቱን ትጠጣለህ። ምረጥ።»

«እስከ ሰባት ነው የሚለው አባቴ፤ ሰባት የሞላው ቢሆንስ?» አለ፤ መቼ በቀላሉ ይሸነፋል?

«አንተን ሳይህ ስድስት ነህ» አሉት።

ያን ጊዜ እኔ ወተቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ከአንደኛው እሽግ ሁለት፣ ከሌላኛው ሁለት ፈነቀልኩ፤ የትሕትናዋን አንዲት ክኒንም ጨመርኩ። ምሽት ላይ የፀሐይዋን ክፍል ነበር የጀመረው፣ ለመጀመሪያው ጊዜ ግድ የለም። ዋጠ። ወተቱን ጨለጠው። ጥሩ አድርጎ ነው የጨለጠው፤ ጽዋውን እስኪያጋድል። ሁለተኛውን ዶሮ ሳይጮኽ፣ ስምንት ሰዓቱን ጠብቄ ቀስቅሼ ሰጠሁት።

በነጋታው ጠዋት ላቡ ወጣ። ከዚያ ወዲያም አልተንቀጠቀጠም። ሲሻለው ደግሞ ወሬው ተመለሰ፣ እኔም ፍርሃቴ ተመለሰ። የሚለውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ።

«ሥራነሽ፣ ድኛለሁ። የቀረውን አስቀምጪው፤ ለከርሞ ይሆናል።»

መሳፍንት ያለውን ቃል በቃል! ግን ለባዘዘው ለቅሶ አይሠራለትም።

«ልጅ እኮ ነህ» አልኩት። «ልጅ መድኃኒቱን ይበቃኛል ብሎ አያውቅም፤ እናቱ ናት የምታውቀው። አፍህን ክፈት።»

ከፈተ። አላመንኩም፣ ግን ከፈተ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ትሕትና በራችን ላይ ደረሰች። በሽተኞቿን እየዞረች ታያለች። አጥሩ ጋ ተቀበልኳት።

«እትዬ ሥራነሽ፣ አረንጓዴው ዛሬ ጠዋት ገባ» አለችኝ ደስ ብሏት። «የጀመሩትን መጨረስ አለባቸው እንጂ ሌላ አይሰጣቸውም። ግን ቀለሙ እንዲያ ከከነከናቸው፣ አረንጓዴው ከሱ ጋር አንድ መሆኑን ይዤላቸው መጥቼ ጎን ለጎን ላሳያቸው ብዬ ነው።»

ክንዷን ያዝኳት። «ዝም በይ፣ ልጄ። ድምፅሽን አታሰሚ። አረንጓዴውን ካየ ሙሉ ሰው ይሆንብኛል። ሙሉ ሰው ከሆነ ይጾማል፤ ቀሪውንም ጣራ ሥር ይከተዋል።»

«አሁን እየወሰዱ ነው?»

«እየወሰደ ነው። ወተቱንም ተይው፣ የጥጃዋን ድርሻ ሁሉ እየጨረሰው ነው።»

ልጅቷ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። «እንግዲያው እኔ አልመጣሁም» ብላ ሄደች። እኔም አንገቴን አቅንቼ ገባሁ። ባዘዘው ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። ጎበዝ፣ አልሰማም፣ አልኩ በልቤ።

ሦስተኛው ቀን ማታ የመጨረሻዋን ጨረቃ ፈነቀልን። ፈነቀልን ያልኩት እሱ ራሱ እሽጉን ከእጄ ስለተቀበለኝ ነው። ከዚህኛው ሁለት፣ ከዚያኛው ሁለት። ወተቱን ጠጣ። ጽዋውን ላጥብ ስነሣ ጠራኝ።

«ሥራነሽ።»

«እህ።»

«አረንጓዴው የገባው ትናንት ነው አይደል?»

ቆምኩ። «ማን ነገረህ?»

«ወባ አሞኝ እንጂ አላደነቆረኝ። የአጥራችን ቀዳዳ ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ የሺዋስን ጠይቂው።»

አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ። «ታዲያ ከሰማህ ለምን ዝም አልክ? ያን ቀን ሙሉ የልጅ ነው ብለህ ስታስጨንቀኝ!»

ባዶዎቹን እሽጎች ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጣቱ የፀሐይዋን ሥዕል ይዳብሳት ጀመር።

«የመሳፍንትን እሽግ ከሳጥን ስታወጪ አየሁሽ» አለኝ። «ከቢተው እሽግ ጎን አድርገሽ ስትቆጥሪ። እጅሽን አየሁት። እኔ ያን ጊዜ ክሎሮኪኑን ልውጥ እጄን ዘርግቼ ነበር። ፈራሁ ሥራነሽ። አረንጓዴው ቢመጣ ግን የማኅበሩ ባዘዘው ይነሣብኛል፤ እሱ ወተት አይጠጣም፣ የጀመረውንም አይጨርስም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሰማያዊ መሆን ተሻለኝ።»

ምን ልበለው? አለቀስኩ፤ ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም ባንድ ላይ መጡብኝ። ባዶዎቹን ሁለት ሰማያዊ እሽጎች ከጭኑ አንሥቼ ሳጥኔን ከፈትኩና ከወንድሜ አረንጓዴ ጎን አስቀመጥኳቸው። የወንድሜ ቀሪ ፍሬዎች እንዳሉ ናቸው፤ የባሌ አንድም አልቀረበት። ሳጥኑን ዘጋሁ።

«ወተት አለ?» አለኝ ከኋላዬ።

«መድኃኒቱ እኮ አልቋል። ከነገ ጀምሮ ጾም ነህ።»

«ነገ ነዋ። ዛሬ ገና ስድስት ዓመቴ ነው።»

ቀዳሁለት።